1011 ሲያልፍ የሚያውቅ ሰርኪዩት፦ ከስቴት ዲያግራም እስከ ብሬድቦርድ

ጎንደር ፒያሳ ባለችው የጥገና ቤታችን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። ፍሊፕ ፍሎፕን በደብተር ተምሮታል፤ እኔ ደግሞ በእጁ ሠርቶ እንዲያየው ፈለግሁ። ስለዚህ ቢቶች በአንድ ሽቦ ተራ በተራ ሲገቡ 1011ን ለይቶ ኤልኢዲ የሚያበራ ሰርኪዩት አብረን ሠራን።

ነገሩን የሚያጣፍጠው መደራረቡ ነው። 1011011 ውስጥ 1011 ሁለት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው የሚያልቅበት 1 ለሁለተኛው መነሻ ይሆናል። ሰርኪዩቱ አንዱን ካገኘ በኋላ ሁሉን ረስቶ ከዜሮ ከጀመረ ሁለተኛው ያመልጠዋል።

ያለፈውን ቢት ሁሉ ማስታወስ አያስፈልግም። ከ1011 መጀመሪያ እስካሁን ምን ያህሉ እንደተያዘ ማወቅ ይበቃል። ምንም ካልተያዘ ስቴቱ ሀ ነው፤ 1 ከተያዘ ለ፣ 10 ከተያዘ ሐ፣ 101 ከተያዘ መ። የስቴት ዲያግራሙን ቀስቶች ስንስል አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ ነበር፦ ከገቡት ቢቶች ጭራ፣ ለ1011 መጀመሪያ የሚሆነው ረጅሙ የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ ዋጋው የሚታየው መ ላይ ነው። መ ላይ ሆኖ 0 ቢገባ የገባው 1010 ሆነ። አልተሳካም ብለን ወደ ሀ አንመለስም፤ ጭራው 10 ስለሆነ ወደ ሐ እንሄዳለን። 1 ቢገባ ደግሞ 1011 ተገኘ፤ ውጤቱ 1 ይሆናል፣ ስቴቱም ወደ ለ ይሄዳል። መደራረቡን የሚይዘው ይህች አንዲት ቀስት ናት።

ለሀ 00፣ ለለ 01፣ ለሐ 10፣ ለመ 11 ሰጠን። አራት ስቴት ስለሆነ ሁለት ዲ ፍሊፕ ፍሎፕ ይበቃል። X የሚገባው ቢት፣ Z ውጤቱ ነው፤ Q1 እና Q0 ፍሊፕ ፍሎፖቹ የያዙት የስቴቱ ሁለት ቢቶች፣ D1 እና D0 ደግሞ የፍሊፕ ፍሎፖቹ ግብዓት ናቸው፤ ' ምልክት ተገላቢጦሹን ያሳያል። የስቴቶቹን ሠንጠረዥ ሞልተን በካርኖ ማፕ ስናሳንሰው ይህ ወጣ፦

```
D0 = X
D1 = Q0·X' + Q1·X·Q0'
Z  = Q1·X·Q0
```

የመጀመሪያውን መስመር ስናይ ደስ አለን። Q0 ማለት በቃ ያለፈው ቢት ነው፤ ጌት አይፈልግም። ከዚያ Q1·X ሁለት ቦታ እንዳለ ልጁ አየ። አንዴ ሠርተን ለሁለቱም ብንጠቀምበት የሚያስፈልገው ኤንድ ጌት አራት ብቻ ነው፤ 74ኤችሲ08 ውስጥ ያለው ልክ አራት ነው። Q0' ከፍሊፕ ፍሎፑ፣ ከ74ኤችሲ74፣ ራሱ ይወጣል። የቀረው አንድ ኦር ጌትና ለX አንድ ኢንቨርተር ነው። መብራት ቢጠፋም እንዳንቆም በሦስት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ አስነሳነው። 4.5 ቮልት ለዚህ የአይሲ ቤተሰብ ምቹ ነው።

ክሎኩን በእጅ እየሰጠን 1፣ 0፣ 1 አስገባን። ሦስተኛው ክሎክ እንደተሰጠ ኤልኢዲው በራ።

«ጋሼ፣ አራተኛው ቢት ገና አልገባም እኮ!» አለኝ።

ሽቦው ትክክል ነበር። Z የሚወሰነው በስቴቱ ብቻ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት X ላይ ባለውም ጭምር ነው፤ የሚሊ ማሽን ጠባይ ይህ ነው። ሦስተኛው ክሎክ ወደ መ አስገባን፣ Xን የምንሰጥበት ማብሪያ ማጥፊያ ግን ገና 1 ላይ ነው። ስለዚህ ሦስቱም የኤንድ ግብዓት 1 ሆኑ። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ 0 ሲያወርደው ኤልኢዲው ጠፋ። 1011 ጭራሽ ሳይገባ በርቶ ነበር ማለት ነው። የባሰው ደግሞ እውነተኛው 1011 ሲሞላ ነው፦ አራተኛው ክሎክ ወደ ለ ስለሚወስደን ኤልኢዲው ያኔውኑ ይጠፋል።

መፍትሔው Zን በሦስተኛ ፍሊፕ ፍሎፕ ማሳለፍ ነው፣ በዚያው ክሎክ። እንዲህ ሲሆን Z የሚነበበው ክሎኩ በሚነሳበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ በመሃል ያለው መብራትና መጥፋት ወደ ኤልኢዲው አይደርስም። ኤልኢዲው ከአራተኛው ክሎክ ጋር ይበራል፣ እስከ አምስተኛው ይቆያል። ውጤቱ ለመታየት ያንን የክሎክ ጠርዝ መጠበቅ አለበት፤ ለዚህ ሥራ ጉዳት የለውም።

ሁለት ነገር ደግሞ መታለፍ የለበትም። ተራ ቁልፍ ሲጫኑት ብረቱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፤ ፍሊፕ ፍሎፑ ያንን እንደ ብዙ ክሎክ ይቆጥረዋል። አንዴ ተጭነህ ስቴቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ከዘለለ ምክንያቱ እሱ ነው። እኛ ባለ ሁለት አቅጣጫ ቁልፍ ወስደን በ74ኤችሲ00 ሁለት ናንድ ጌቶች ላች ሠራንለት፤ ሦስተኛዋ ናንድ ሁለቱ ግብዓቷ ተገናኝቶ የX ኢንቨርተር ሆነች።

ሌላው የ74ኤችሲ74 ፕሪሴትና ክሊር እግሮች ናቸው። የሚሠሩት ዝቅ ሲሉ ስለሆነ ባዶ ከተተዉ እጅ ሲጠጋቸው እንኳ ስቴቱ ሊቀየር ይችላል። ፕሪሴቶቹን ከፖዘቲቭ ጋር አሰርናቸው። የሦስቱንም ክሊር በ10 ኪሎ ኦም ወደ ፖዘቲቭ ስበን ወደ ግራውንድ የምታወርዳቸው ቁልፍ አደረግን፤ ባትሪ በተሰካ ቁጥር በየትኛው ስቴት እንደሚነሳ ስለማይታወቅ መጀመሪያ የምትጫነው እሷ ናት። ከዚያ 1011011ን አስገባን፤ ኤልኢዲው በአራተኛውና በሰባተኛው ክሎክ በራ።