ፋኑ ሲቆም

ዛሬ አንድ ብረት በር የሚሠሩ ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። «ዶክተር፣ ጆሮዬ ውስጥ ፊሽካ ይነፋል። ቀን ደህና ነኝ፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ይብስብኛል» አሉኝ።

መብራት ሲጠፋ? ቆይቶ ነው የገባኝ። ድሬ ነዋ! ያለ ፋን አይተኛም። ፋኑ ሲቆም ቤቱ ጭጭ ይላል፤ ፊሽካው ብቻውን ይቀራል።

ጆሯቸው ውስጥ ኩክ የለም። ምርመራው ግን ቀጫጭን ድምፆችን በሁለቱም ጆሮ በደንብ እንደማይሰሙ አሳየ። 20 ዓመት ያለ ጆሮ መከላከያ በግራይንደር ብረት ቆርጠዋል። ጫጫታው የውስጥ ጆሮን ስስ ሴሎች ይገድላል፤ ተመልሰው አይበቅሉም። ከጆሮ የሚመጣው ድምፅ ሲያንስበት አንጎል እንደ ሬዲዮ ቮልዩሙን ይጨምራል። ፊሽካውን የምንረዳው እንዲህ ነው።

«ልደነቁር ነው?» አሉኝ ፈርተው። ፊሽካው አያደነቁርም፤ የሚያደነቁረው ግራይንደሩ ነው። ሥራ ላይ መከላከያ ያድርጉ፤ ቤት ግን ጆሮዎን አይድፈኑ፣ ጸጥታ ፊሽካውን ያባብሰዋል አልኳቸው። የሚያጠፋው ኪኒን የለም። መብራት ሲሄድ የስልክ የዝናብ ድምፅ ይክፈቱ። ፊሽካውን እንዲውጠው አይደለም፤ ከሱ ትንሽ ዝቅ ይበል። አንጎል ሁለቱንም አብሮ እየሰማ ቀስ በቀስ ችላ ማለትን ይለምዳል። ወራት ይፈጃል።

እናንተም ፊሽካው በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ሐኪም ጋር ታዩ። መስማት በድንገት ከቀነሰ ደግሞ በዚያው ቀን ሂዱ።

ሊወጡ ሲሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው፣ «ሌሊት እየተነሳሁ ፋኑን የማጠፋው እኮ እኔ ነኝ፤ ብርድ እንዳይመታው ብዬ» አሉኝ።