ነብር መጣ ስንላቸው ዛፍ ላይ ወጡ

በቆሎው እሸት በያዘበት ሰሞን ነበር። የእኔ ሥራ ጦጣዎቹን መመዝገብ ነው፤ ስንት ሆነው መጡ፣ በየት በኩል ገቡ፣ ምን ያህል ቆዩ። የማሳው ጠባቂ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ማማቸው የተሠራው ማሳው መሃል ላይ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ጫፍ ላይ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ጠቆሙኝ። አንድ ወንድ ጦጣ ከላይ ተቀምጧል።

«ያ ዘባቸው ነው» አሉኝ። «እሱን ካየህ ሌሎቹ ገብተዋል ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ወደ ሃያ የሚሆኑ ጦጣዎች ከሥሩ ባለው በቆሎ ውስጥ ነበሩ። እሸት መሸልቀቅ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ዓይንም ከእጅ ጋር ይወርዳል። ብቻዋን የገባች ጦጣ አንዴ ጎርሳ አንዴ ቀና እያለች ነው የምትበላው። ሃያ ሲሆኑ ግን ሁልጊዜ አንዷ ቀና ብላለች። ስለዚህ እያንዳንዷ ብዙ ትበላለች። የጉንጫቸውን ከረጢት ሞልተው ይወጡና ዛፍ ላይ ተረጋግተው ያላምጣሉ።

ዘብ የተባለውን ግን ደጋግሜ ሳየው ሌላ ነገር ገባኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጦጣዎች ተፈራርቀውበታል። የመጀመሪያው ወርዶ በላ። ቀጥሎ ጉንጯ የተወጠረ አንዲት እናት ወጣች። የተመደበ ጠባቂ አልነበረም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሁሉ አሻግሮ ያያል፤ ያየ ደግሞ ይጮኻል። ከታች ልጆቹና ዘመዶቹ ስላሉ ጩኸቱ ለራሱም ይጠቅመዋል።

ስህተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጩኸታቸውን በድምፅ ማጉያ ብናሰማቸው ይሸሻሉ ብዬ ጋሼን አሳመንኳቸው። የጦጣ ጩኸት እንደ ጠላቱ ዓይነት ይለያያል። ለነብር ተከታታይ፣ ጉልህ ጩኸት ነው። ለንስር አጭር፣ ሳል የሚመስል ድምፅ አለ። ለእባብ ደግሞ ቀጭን ጭርጭርታ። በ1980 ተመራማሪዎቹ ሴይፋርት፣ ቼኒ እና ማርለር ያሳተሙት የአምቦሴሊ፣ ኬንያ ሙከራ ይህን አሳይቷል። አውሬ በሌለበት ድምፁን ብቻ ሲያሰሟቸው ጦጣዎቹ ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር አደረጉ። ያንን አንብቤ ነበር፤ ምን እንዳደረጉ ግን ልብ አላልኩም።

በመጀመሪያው ቀን ለነብር የሚጮኹትን ጩኸት ለቀቅኩ። ሁሉም ሮጠው ዛፉ ላይ ወጡ። ነብር ሲመጣ መዳኛው ቀጭን ቅርንጫፍ ነዋ! ዛፉ ደግሞ ቅርንጫፉን በቆሎው ላይ ዘርግቷል። እዚያው ሆነው የያዙትን በሉ፤ ፀጥ ሲል ተመልሰው ወረዱ።

በማግስቱ የንስሩን ሞከርኩ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩና ወደ ጥቅጥቁ ሮጡ። ከንስር የሚያድነው ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን ነው። እዚያ ማሳ ላይ ከበቆሎው የበለጠ ሽፋን አልነበረም።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ጭራሽ ማሳዬ ውስጥ ደበቅካቸው!» አሉ ጋሼ።

በጣም አፈርኩ። የሰውዬው የዓመት ድካም ነው። የእባቡን አልሞከርኩም፤ እሱን ሲሰሙ በኋላ እግራቸው ቆመው ሣሩን ይቃኛሉ እንጂ የትም አይሄዱም። በአራተኛው ቀን ለነብሩም ጩኸት ቀና የሚል ጠፋ። ቼኒ እና ሴይፋርት ይህንንም ፈትሸውት ነበር። የአንዷ ጦጣ ድምፅ ደጋግሞ ውሸት ከሆነ የእሷን ጩኸት ይተዉታል፤ የሌላዋን ግን ይሰማሉ። እኔ ይዤ የነበረው የአንድ ወንድ ጦጣ ቅጂ ብቻ ነበር።

ማጉያውን ዘጋሁና ሲያዩን ምን እንደሚያደርጉ ማየት ጀመርኩ። ጋሼ ከማማው ወርደው ሲጠጉ ከላይ ያለው አይጮኽም። ዝም ብሎ በጫካው በኩል ይወርዳል። ሌሎቹ መውረዱን አይተው በሣሩ ውስጥ ሹልክ ይላሉ። ሰው ጩኸት ከሰማ የት እንዳሉ ያውቃላ። ሰው በውሻ በሚያድናቸው አካባቢም እንዲሁ ድምፃቸውን አጥፍተው ይሸሻሉ። እኔ ጩኸት ስጠብቅ፣ ለሰው የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ ዝምታ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ሥራው መልኩን ቀየረ። ማማውን ከመሃል አንስተን በዛፉና በበቆሎው መካከል ተከልነው። በቆሎው ላይ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ ቆረጥን፤ በጫካውና በማሳው መካከል ያለውን ቁጥቋጦም መነጠርን። ጋሼም ጎህ ሳይቀድ እዚያ መገኘት ጀመሩ።

ጦጣዎቹ መምጣታቸውን አልተዉም። ግን ባዶውን መሬት ለማቋረጥ ያመነታሉ። በሩቁ ጥግ በኩል ጥቂቶች መግባታቸው አልቀረም፤ እዚያ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ያ ወንድ ዛፉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ጋሼን ያያል። ጋሼም ቀና ብለው ያዩታል። ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ በጫካው በኩል ወረደ። መዝገቤ ላይ «ዘብ» ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤ «ያየ» አልኩት።