አፍንጫ የሌለው ሰው ወዴት ያያል?

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በአንድ ገበሬ ግቢ የተቀረጸ አጭር የማስተማሪያ ፊልም እንዳቀናብር ተሰጠኝ። የመንዝ በግን ዕድሜ በጥርሱ እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያሳይ ነው። ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀረጻ በሣጥን ውስጥ አስቀድሞ የሚሣልበትን ወረቀት፣ የሠሩት የእንስሳት እርባታ ባለሙያው ራሳቸው ናቸው። «እኔ ዶሮ እንኳ መሳል አልችልም» ይሉ ስለነበር ሰዎቹን በክብ ራስና በመስመር አካል፣ በጉን ደግሞ በአራት ጭረት ላይ በቆመ ሞላላ ነገር አሳይተዋቸዋል። በሥዕሉ ማንም አልተቸገረም፤ በጉ በግ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

ችግሩ ቅንብር ላይ ፈነዳ። በመጀመሪያው ሣጥን ገበሬው በጉን እየሳበ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ በሩ መሄድ ነበረበት፤ ከእግሩ ሥር ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ነበር። የካሜራ ባለሙያው ቀስቱን የካሜራ እንቅስቃሴ አድርጎ ወሰደው። ገበሬው ባለበት ቆሞ ካሜራው ወደ ቀኝ ዞረና የእሾህ አጥሩን በሚያምር ሁኔታ ቀረጸልን። ገበሬና በግ ግን የሉም።

ሁለተኛው ጉድ የባሰ ነበር። ገበሬውና ባለሙያው ፊት ለፊት ቆመው ይነጋገራሉ፤ ክቦቹ ግን አፍንጫ ስላልነበራቸው ማን ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም። ገበሬው ለብቻው ሲቀረጽ ወደ ቀኝ ያያል። ባለሙያውን ለመቅረጽ ካሜራው ወደ ሌላኛው ጎን ተሻግሮ ስለነበር እሳቸውም ወደ ቀኝ ያያሉ። ሁለቱ ምስሎች ሲከታተሉ ሰዎቹ እርስ በርስ መነጋገራቸው ቀርቶ አጥሩ ሥር የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው የሚያዳምጡ መሰሉ። አንደኛውን ምስል በመስተዋት እንደሚታይ አድርጌ ገለበጥሁት። ዓይኖቹ ተገናኙ፤ ነገር ግን በባለሙያው ካፖርት ደረት ላይ ያለው ጽሑፍ አብሮ ተገለበጠ። እንደገና ከመቅረጽ ሌላ መፍትሔ አልነበረም።

ከባለሙያውና ከካሜራ ባለሙያው ጋር ቁጭ ብለን ስቶሪቦርዱን አደስነው። በወረቀቱ ላይ 8 በ4.5 ሴንቲሜትር የሆኑ ሣጥኖች አሰመርን፤ ይህ ልክ ከ16 በ9 የስክሪን ቅርጽ ጋር ስለሚስማማ በሣጥኑ የማይገባ ነገር በካሜራውም አይገባም። ቀጭን ቀስት በሣጥኑ ውስጥ ሲሆን የሰው ወይም የበግ እንቅስቃሴ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ወፍራም ቀስት ከሣጥኑ ውጪ ሲሆን የካሜራው ነው። ካሜራው ወደ በጉ አፍ እንዲጠጋ ሲፈለግ በትልቁ ሣጥን ውስጥ ትንሽ ሣጥን ተሰመረችና ከአራቱ ማዕዘኖች ወደ እሷ ቀስት ወጣ። ለእያንዳንዱ ክብም አንዲት ጭረት አፍንጫ ጨመርን።

ከሣጥኑ ጎን ቦታውን ከላይ የሚያሳይ ንድፍ አኖርን፤ ሁለት ነጥብ ሰዎቹ ናቸው፣ በመካከላቸው መስመር ይሄዳል። ካሜራ የሚቆምበት እያንዳንዱ ቦታ ከመስመሩ በአንድ ጎን ብቻ ምልክት ተደረገበት። ይህች ንድፍ ቀድማ ብትኖር ኖሮ ያ ስውር ሦስተኛ ሰው አይፈጠርም ነበር።

እኔ በጣም የምወደው ግን የአድማስ መስመሩን ነው። በሜዳ ላይ አድማሱ የሚያርፈው በካሜራው ከፍታ ልክ ነው። ባለሙያው መስመሩን በበጉ ጀርባ በኩል ሲያሳልፉት፣ በቆመው ገበሬ ላይ ደግሞ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲያልፍ፣ የካሜራ ባለሙያው ምንም ሳይጠይቅ የካሜራውን መቆሚያ እስከ በጉ ቁመት አወረደው። በእኛ አገር አንድ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ከበስተጀርባ የሚታየው የተራራ ጫፍ አድማስ አይደለም። ዳገት ላይ ለቀረጸ ሰው ደግሞ ዘዴው ያሳስታል፤ ከፍታውን ከሣጥኑ ሥር በቁጥር መጻፍ ይሻላል። ብርሃኑንም ቢሆን የመስመር ሰው ሊነግረን ስለማይችል «ጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባ» ብለን በቃል ጻፍን።

ሁለተኛው ቀረጻ እንደ ስቶሪቦርዱ ሄደ። ገበሬው በጉን እየሳበ ከግራ ገባ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ካሜራው ወደ ታችኛው ከንፈር ተጠጋ። በጉ ግን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ያኛው በመካከሉ ገበያ ወጥቶ ተሸጧል። ጸጉሩ የሚመሳሰል ሌላ አግኝተን ነበር። ባለሙያው ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ዝም አሉ። የተጻፈላቸው ንግግር መካከለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች በሰፋፊ ቋሚ ጥርሶች ስለተተኩበት፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ስለሚገመት በግ ነው። ይኸኛው አራት ቋሚ ጥርስ አውጥቷል።

«ወንድሜ፣ ካሜራውን አታጥፋው፤ ንግግሩን እቀይራለሁ» አሉና ስለ ሁለት ዓመት በግ ማስረዳት ቀጠሉ።