64 ብር ከ50፦ ገቢውም ቼኩም ተመሳክሮ አልታረቅ ያለው ሂሳብ

የሚያዝያን ባንክ ሪኮንሲሌሽን ዘጋሁት፤ ልዩነቱ ዜሮ። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ እህል ነጋዴ ሂሳብ ነው የምይዘው። ገቢው ሁሉ ራይት፣ ቼኩ ሁሉ ራይት ተደርጎ፣ መዝገቡ ግን ከባንኩ በ64 ብር ከ50 ሳንቲም በልጦ ቁጭ ብሎ ነበር። እንዴት እንደተገኘ ላጫውታችሁ፤ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ልዩነት የሚያንገበግባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ሁላችንም የምናውቃቸው ስለሆኑ እዘላቸዋለሁ። ባንክ ያልደረሰው ገቢ ተደምሯል፣ ያልተመነዘሩ ቼኮች ተቀንሰዋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ መዝገባችሁ በኢትዮጵያ ወር የሚዘጋ ከሆነ ባንክ ሄዳችሁ «የኤፕሪል ስቴትመንት» አትበሉ። ሚያዝያ ከኤፕሪል 9 እስከ ሜይ 8 ነው፤ ቀኑን ጠርታችሁ አስወጡ። የመነሻ ባላንሱም ካለፈው ወር መዝጊያ ጋር አንድ መሆኑን መጀመሪያ እዩ። የእኔ የመጋቢት ልዩነት ዜሮ ስለነበር ጥፋቱ እዚሁ ወር ውስጥ እንዳለ ገባኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገጥመን ሁላችንም የምናደርገው ተመልሶ ከመጀመሪያው ማመሳከር ነው። እኔ ይሄን አልወደውም። ያው ዓይን ያንኑ ወረቀት ሲያይ ያንኑ ይዘላል። ከወረቀቱ በፊት ልዩነቱን ራሱን ማንበብ ይሻላል።

መጀመሪያ ሳንቲሙን አየሁ። ነጋዴያችን የሚቀበለውም የሚከፍለውም በድፍን ብር ነው፤ የቼክ መዝገቡ ላይ አንድም ሳንቲም የለም። ታዲያ 50 ሳንቲሟ ከየት መጣች? ከባንኩ ራሱ እንጂ ከሌላ ልትመጣ አትችልም። ስለዚህ ቼኮቹንና ገቢዎቹን ትቼ ባንኩ በራሱ የጻፋቸውን መስመሮች ብቻ ተከተልኩ። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ 10 ብር ሰርቪስ ቻርጅ አለ፤ መዝገባችን ላይም ተመዝግቧል። ገጹ ሲገለበጥ ሦስተኛው ገጽ አናት ላይ የዚያው ቻርጅ ቫት ለብቻው ተቀምጧል፦ የ10 ብር 15 በመቶ፣ 1 ብር ከ50። ገጽ መለያያ ላይ ስለወደቀች መዝገብ ውስጥ አልገባችም።

ይቺ ስትመዘገብ 63 ብር ቀረ። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 64.50 አይካፈልም፤ 63 ግን ይካፈላል፣ 7 ይሰጣል። የመጀመሪያው ልዩነት ውስጥ ሁለት ስህተቶች ተደባልቀው ስለነበር ነው የ9 ፈተና ያልያዘው። ሳንቲሙ ይቅደም የምለውም ለዚህ ነው። ኤክሴል ላይ እንዲህ እፈትነዋለሁ፤ ልዩነቱ D2 ላይ ሆኖ መልሱ 0 ከመጣ ይካፈላል ማለት ነው፦

```
=MOD(ROUND(ABS(D2)*100,0),9)
```

7 የሚለው ቁጥር ደግሞ ከዚያም በላይ ይናገራል። ቦታ የተለዋወጡት ሁለቱ አኃዞች በ7 ይበላለጣሉ ማለት ነው። ልዩነቱ 63 እንጂ 630 ስላልሆነ ደግሞ የተለዋወጡት የመጨረሻዎቹ ሁለት የብር አኃዞች ናቸው። በ7 የሚበላለጡት 0 እና 7፣ 1 እና 8፣ 2 እና 9 ብቻ ናቸው። አቅጣጫውን ጨምሩበት፦ መዝገባችን ከባንኩ በልጧል። ጥፋቱ ቼክ ላይ ከሆነ መዝገቡ ወጪውን አሳንሶ ጽፏል፤ ስለዚህ በ07፣ በ18 ወይም በ29 የሚያልቅ ቼክ ነው የምፈልገው። ገቢ ላይ ከሆነ አብዝቶ ጽፏል፤ በ70፣ በ81 ወይም በ92 የሚያልቅ ገቢ ነው።

ከገቢዎቹ መካከል እንዲህ የሚያልቅ አልነበረም። ከቼኮቹ ሁለት ብቻ ተገኙ፦ 12,629 እና 4,518። የመጀመሪያው ባንኩም ላይ 12,629 ነው። ሁለተኛው ባንኩ ላይ 4,581! ቁጥሩን በቀይ ስከብበው ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ታዲያ እንዴት «ተመሳክሯል» ተባለ? በቼክ ቁጥር ስለተመሳከረ ነው። የቼክ ቁጥሩ አንድ ነው፣ አኃዞቹም እነዚያው አራቱ ናቸው፤ ዓይን «4 ሺህ 5 መቶ ምናምን» ብሎ ያልፋል። ማመሳከር ማለት ቁጥሩም ገንዘቡም ማለት ነው። ስቴትመንቱ በኤክሴል ካላችሁ የመዝገቡን ቼክ ቁጥር A፣ ገንዘቡን B፣ የባንኩን ቼክ ቁጥር E፣ ገንዘቡን F ላይ አድርጋችሁ ይሄን አውርዱት፤ ከዜሮ ሌላ የሚያወጣው ሁሉ ወይ ልዩነት አለበት ወይ አልተመነዘረም፦

```
=B2-SUMIFS(F:F,E:E,A2)
```

እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም በወረቀት ማመሳከር ነው የምመርጠው። የገንዘቡን አኃዝ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ ከቀኝ ሲነበብ ዓይን መገመት አይችልም።

ማን እንደተሳሳተ ሳይታወቅ ግን ማረሚያ አይሠራም። ቼኩ ማሾ ከሸዋ ሮቢት ላመጣው መኪና የጭነት ኪራይ ነበር። የሚዛን ወረቀቱ 50.9 ኩንታል ይላል፤ ዋጋው በኩንታል 90 ብር፤ ሲባዛ 4,581። የቼኩ ጉርድም 4,581 ነው። የተገለበጠው ከጉርዱ ወደ መዝገብ ሲሻገር ነው። ስለዚህ የጭነት ወጪ 63 ብር ዴቢት፣ ባንክ 63 ብር ክሬዲት። ቼኩ ላይ 4,518 ተጽፎ ባንኩ 4,581 ከፍሎ ቢሆን ኖሮ መዝገባችን አይነካም፤ ልዩነቱ በባንኩ በኩል ተይዞ ለባንኩ ደብዳቤ ይጻፋል።

የ9ኙን ነገር ደግሞ እንደ ታቦት አትማሉበት። ምንም ያልተገላበጠ ልዩነትም በአጋጣሚ ለ9 ሊካፈል ይችላል። ሁለት ቁጥሮች ተገላብጠው ልዩነታቸው ሲደመርም ለ9 ይካፈላል፤ ያኔ የ«7» ዓይነቱ ፍንጭ ያሳስታችኋል። ለ9 ካልተካፈለ ልዩነቱን ለሁለት ከፍላችሁ ያንን ቁጥር ፈልጉ፤ ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት የተደረገ ነገር ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋል።

«64 ብር ምን አላት፣ ሌሎች ወጪዎች ውስጥ ወርውራት» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ትንሽ ልዩነት የትንሽ ስህተት ማስረጃ አይደለም፤ 20,000 ብር የጎደለ ገቢና 19,940 ብር የተዘለለ ቼክ ተጣፍተው 60 ብር ሊያሳዩ ይችላሉ። አለዚያም የወረወርነው ስህተት በሚቀጥለው ወር ሲታረም ልዩነቱ በተቃራኒው ይመጣል።

አሁን የያዝኩት ሌላ ደንበኛ ልዩነቱ በየወሩ ሳይነቃነቅ 200 ብር ነው። የማይለዋወጥ ልዩነት ያረጀ ስለሆነ የዘንድሮውን ሰኔ ማገላበጥ ትርጉም የለውም። ታኅሣሥ ላይ አየሁት፣ 200 አለ፤ ጥቅምት ላይ የለም። ቀጥሎ ኅዳርን እከፍታለሁ።