የማንጎው ጁስ

«ዶክተሩ እኮ ፈሳሽ ነገር ስጧት ብሎን ነው የሄደው» አለችኝ የታማሚዋ ልጅ። ይህ አባባል እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ድሬዳዋ ውስጥ ሜዲካል ዋርድ ነው የምሠራው። እናትየው በስትሮክ የገቡ ናቸው። ቀኝ ጎናቸው ደክሟል፣ አፋቸውም ትንሽ ጠመም ብሏል። ጠዋት ቀና አድርገን አስቀምጠን ውሃ በሻይ ማንኪያ ሰጠናቸው። ሳሉ፤ ድምፃቸውም ውሃ ያዘለ መሰለ። ወፈር ያለ ነገር ስንሞክር ግን በደንብ ዋጡ። ይህን በራውንድ ላይ ተናግሬያለሁ። ዶክተሩ ቸኩሎ ነበር። ለቤተሰቡ «ፈሳሽ ፈሳሽ ነገር አምጡላት» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ልጅቷ በዚያ ሙቀት ከፊራ ገበያ ወርዳ ማንጎ ገዝታ፣ ጨምቃ፣ በሃይላንድ ሞልታ መጣች። ከስትሮ ጋር። በሳህን ደግሞ ማካሮኒና ሥጋ የገባበት ሾርባ ይዛለች።

«እህቴ፣ ይሄ ለጊዜው አይሰጣቸውም» አልኳት።

«አቦ ሲስተር! ጁስ ምን ያደርጋታል? ማኘክ የለው፣ ምን የለው። ዝም ብሎ ነው የሚወርደው።»

«ችግሩ እሱ ነው፤ ዝም ብሎ መውረዱ።»

ተቀምጠን አስረዳኋት። ውሃ፣ ሻይ፣ ጁስ ሁሉም ፈጣኖች ናቸው። የጤነኛ ሰው ጉሮሮ ሲውጥ የአየር ቧንቧውን ቶሎ ይዘጋል። ስትሮክ ያደከመው ጉሮሮ ይዘገያል። ቀጭኑ ፈሳሽ ቀድሞ ይደርስና ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከዚያ ኒሞኒያ ይከተላል። ሳል ሁልጊዜ አይመጣም። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይስል ነው የሚገባበት። ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ ከሆነ፣ ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ማብላቱን አቁሞ እኛን መጥራት ነው። ማካሮኒ ያለበት ሾርባ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ጉርሻ ውስጥ ቀጭንም ጠጣርም አለ፤ ጠጣሩ አፍ ውስጥ ሳለ ቀጭኑ ሾልኮ ይወርዳል።

«ታዲያ ምን ትብላ? ገንፎ ላምጣ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ገንፎ ይወፍራል፣ ግን ይጣበቃል። የደከመ ምላስ አያንቀሳቅሰውም፤ ላንቃ ላይ ይቀራል። የምንፈልገው በመሃል ያለውን ነው። በማንኪያ ትጨልፊና ማንኪያውን ታጋድያለሽ። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ከተለጠፈ ደርቋል። ተሰብስቦ ዱብ ካለ እሱ ነው።

ማንጎዋን እንድትደፋው አልፈለግኩም። ሙዝ አስመጣን። በሹካ ድምጥማጡን አጥፍተን ፈጨነው፤ ጁሱን ቃጫው እንዳይገባበት አጥልለን በጥቂት በጥቂቱ ጨመርንበት። በማንኪያ ዱብ ሲል አቆምን። እናትየውን ቀጥ አድርገን አስቀመጥን፣ አገጫቸውን ትንሽ ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉ። በሻይ ማንኪያ፣ ጤነኛ በሆነው በግራ ጉንጫቸው በኩል። አንዱን ሳይውጡ ሌላ አይሰጥም። ሲጨርሱ የቀኝ ጉንጫቸውን ውስጥ አየንላቸው፤ ምግብ እዚያ ተደብቆ ይቀራልና። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል አልተኙም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቷ ወፍራም አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ የተፈጨ ፓፓያ ታመጣ ጀመር። እናትየው ግፊት ስላለባቸው ጨውና የሾርባ ኪዩብ አስቀረች። ትንሽ ትንሽ አድርጊው ብያታለሁ። በድሬ ሙቀት ወተት ያለበት አጥሚት ወይም ሾርባ ኮመዲኖ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ለማታ ተብሎ የሚቀመጠው ነው ተቅማጥ የሚያመጣው።

ይሄ ለእሳቸው ነው። ሆዱን ኦፕራሲዮን ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈቀደው ያው ቀጭኑ ፈሳሽ ነው። በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገብ ሰው ደግሞ ሳይጠይቁ ማንኪያ ወደ አፉ ማስጠጋት አይገባም። ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት የዚያን አልጋ ነርስ «ምን ያህል ወፍራም?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዶክተሩን በኋላ አነጋገርኩት። «ቤተሰቡ እንዲህ እንደሚረዳው አላሰብኩም» አለኝ። ቤተሰቡ እኮ በትክክል ነው የተረዳው። ፈሳሽ አላቸው፣ ፈሳሽ አመጡ። በዚያ ላይ ሙሉ ጠዋት እኔ ከተናገርኩት ይልቅ እሱ ቆሞ የተናገራት አንዲት ቃል ነች የተሰማችው። አሁን ራውንድ እንዳለቀ ፕላስተር ላይ «ወፍራም ብቻ፣ ቀና ብለው፣ በማንኪያ» ብዬ ጽፌ አልጋው ራስጌ እለጥፋለሁ። አንዳንዱ ባልደረባ ግድግዳ ያበላሻል ብሎ ይነቅለዋል። እኔም መልሼ እለጥፈዋለሁ።