ቀለሙን አገኘሁት፣ ወዙን ሳትኩት

ባለፈው ነሐሴ ለገጣፎ ያለው ቤታችን ጣሪያ አፈሰሰ። ውሃው የሳሎኑን ግድግዳ ከላይ እስከ መሃል ድረስ አበላሸው። ጣሪያው ተጠገነ። ግድግዳውም ስቱኮ ተመትቶ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። የቀረው ቀለሙ ነበር።

ግድግዳው የተቀባው መስከረም 2015 ነው። ጣሳው ከተጣለ ቆይቷል። ቀቢው ግን ያኔ ቀለሙን መግዛቱን ሊያሳየኝ የክዳኑን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ አገኘሁትና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ብዙ ሰው ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ስለማይጠፋ ነው ይህን የምጽፈው።

ክዳኑ ላይ ሁለት ጽሑፍ አለ። አንዱ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የታተመው `PB22050318` ነው። ሌላው ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ነው። የወረቀቱን አንድ ጥግ የፈሰሰ ቀለም ሸፍኖታል። የሚነበበው ይህን ያህል ነበር፦

```
...LK   BASE P   4 L
S 1005-Y20R
24-09-2022
YOX 6.4  ROX 1.1  BLK 2.8
```

መጀመሪያ ሱቅ ይዤ የሄድኩት ጠርዙ ላይ ያለውን ረጅሙን ቁጥር ነው። ሻጩ ማሽኑ ላይ ጻፈው፣ ምንም አልመጣም። ሊመጣም አይችልም። ያ ቁጥር የምርቱ ባች፣ በአንድ ዙር የተመረተው ቀለም መለያ ነው። ፋብሪካው የሚያትመው ቤዝ የሚባለውን ነጭ ቀለም ሲሞላ ነው፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ገና ምን መልክ እንደሚይዝ አይታወቅም። መልኩ ያለው ሱቁ ቀለሙን ሲያደባልቅ ማሽኑ በሚያወጣው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ነው። የኔ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ወደ እኛ ሲመለስ መስከረም 14 ነው፤ ቀቢው ፎቶውን የላከበት ቀን። ይህን ሳመሳክር ነው የትኛው ጽሑፍ የማን እንደሆነ የገባኝ።

መልኩ `S 1005-Y20R` ነበር። ይህ ኤን ሲ ኤስ የሚባል የቀለም አሰያየም ነው፤ የየትኛውም ፋብሪካ ንብረት አይደለም። 10 የጥቁረቱ መጠን ነው፣ 05 የድምቀቱ፣ `Y20R` ደግሞ ወደ ቀይ 20 በመቶ ያዘነበለ ቢጫ ማለት ነው። ባጭሩ ትንሽ ግራጫ የገባበት ክሬም ነው። የሳሎናችን ግድግዳ ልክ እንደዚያ ነው። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ሻጩ ጠየቀኝ። «ማት ነው ሲልክ?»

ደብዛዛ ነው ወይስ ወዝ ያለው ማለቱ ነው። አላወቅኩም። ፎቶውን አሳየሁት። ክዳኑ ላይ የፈሰሰው ቀለም እያብለጨለጨ ይታያል። «ይኸው ያበራል፣ ሲልክ ይሆን?» አልኩት። «ጋሼ፣ እርጥብ ቀለም ሁሉ ያበራል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፎቶው የተነሳው ጣሳው እንደተከፈተ ስለሆነ ያ ብልጭታ ማስረጃ አይሆንም። ግን ማስረጃ ስለጠፋ ማት ነው ማለት አይደለም። ሻጩ ግን «የቤት ግድግዳ ሁሉ ማት ነው» ብሎ ደመደመ። `LK` የሚለውንም ጠየቅኩት። «የሱቁ ስም ይሆናል» አለኝ። ያንን ፊደል ቆም ብሎ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሁለት ፊደል ዓይኔ ሥር ነበሩ፣ ሰው ስላጣጣላቸው ብቻ ተውኳቸው።

ማቱን ገዛሁ። ቀቢው የተጠገነውን ቦታ ብቻ ሁለት እጅ ቀባው። ሲደርቅ ፊት ለፊት ቆሜ አየሁት፤ ድንበሩ አይታይም። ከፍዬ ሸኘሁት።

እሁድ አመሻሽ ላይ አማቴ መጡ። መስኮቱ አጠገብ ካለው ሶፋ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ እዚያ ጋ ግድግዳው አሁንም ረጥቧል እንዴ?» አሉኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ አቅጣጫ ሲታይ መላው ግድግዳ የመስኮቱን ብርሃን እየመለሰ ያበራል፤ መሃሉ ላይ የበር ስፋት ያህል ደብዛዛ ቦታ ተጋድሟል። መልኩ አንድ ነው፣ ወዙ ግን ሌላ። ማት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ሲልክ አብዛኛውን ወደ አንድ ወገን ይመልሰዋል። ፊት ለፊት ስትቆሙ ልዩነቱ ይደበቃል፣ ከጎን ስታዩት ይወጣል።

ይህን ከመግዛቴ በፊት በአንድ ደቂቃ ማወቅ እችል ነበር። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ አግድም መያዝና ከወዲያኛው ጫፍ ማየት ነው። ሲልክ ከሆነ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ እንደ መንገድ ተዘርግቶ ይታያል። ማት ከሆነ እዚያው ይሞታል። እኔ ያደረግኩት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያቺ የናቅኳት የባች ቁጥር ሥራ አገኘች። ክዳኑ ላይ የፋብሪካ ምልክት የለም፤ ተለጣፊውም ላይ ስሙ ያለበት መስመር በቀለም ተሸፍኗል። የባች አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አለው። ሁለት ፋብሪካ ደወልኩ። የመጀመሪያው «የኛ እንዲህ አይጻፍም» አለ። ሁለተኛው ቁጥሩን ተቀብሎ መዝገብ አየና «የኛ ነው፣ የውስጥ ሲልክ፣ ነጭ ቤዝ፣ በፈረንጆቹ ግንቦት 2022 የተመረተ» አለኝ። መልኩን ግን እሱም አያውቅም፤ የተደባለቀው ሱቅ ውስጥ ነውና። `LK` የ`SILK` ጭራ ነበር። የፋብሪካውን ስም የማልጽፈው ስህተቱ የሱ ስላልሆነ ነው።

ያ ፋብሪካ የሚሸጥበት ሱቅ ሩቅ ነበር። መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሱቅ የራሱን ምርት አቅርቦ «ወረቀቱ ላይ ያለውን 6.4፣ 1.1 እና 2.8 እንዳለ ልጨምርልህ» አለኝ። እንዳትስማሙ። እነዚያ በሚሊ ሊትር የተለኩ የማቅለሚያ መጠኖች ናቸው፤ የሚሠሩት ለዚያ ፋብሪካ፣ ለዚያ ቤዝና ለዚያ 4 ሊትር ጋሎን ብቻ ነው። የሌላው ነጭ ንጣቱም ሆነ የማቅለሚያው ጉልበት ይለያል። የግድ ሌላ ምርት ከሆነ የመልኩን ኮድ ብቻ ስጡና ማሽኑ የራሱን ልክ ያውጣ።

በመጨረሻ ትክክለኛውን ሲልክ፣ ትክክለኛውን ቤዝ ገዛሁ። በዚህ ጊዜ የተበላሸውን ቦታ ብቻ አላስቀባሁም። ሦስት ዓመት የዕጣንና የቡና ጭስ የጠጣ ግድግዳ ከአዲስ ቀለም ጋር አይገጥምም፤ ሲልክ ደግሞ ድንበሩን አይደብቅም። ጣሳዎች ላይ ትርፉን ለማስተካከያ አስቀምጡ የሚል ምክር ይጻፋል። ለማት እሺ፤ ለሲልክ እኔ አልስማማም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሙሉውን ግድግዳ አስቀባሁት። አንድ ባች ብቻ ተጠቀሙ የሚለውም ከዓመታት በኋላ ለሚገዛ አይሠራም። ሁለቱን ጋሎን መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውስጥ ደባልቆ መጀመር ይሻላል። ቀቢው «ጋሼ፣ ጊዜ ማባከን ነው» ቢለኝም አስደረግኩት።

አማቴ በገና መጥተው እዚያው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ስለ ግድግዳው ምንም አላሉም።

አሁን ቀለም ሲገዛ ጣሳው ከመከፈቱ በፊት እኔው ፎቶ አነሳለሁ፤ ክዳኑንና የጣሳውን ጎን በአንድ ላይ። ቀቢዎች ሁለት ጣሳ ሲከፍቱ ክዳን ይቀያየራል፤ የኮርኒሱ ማት ክዳን የግድግዳው ሲልክ ጣሳ ላይ ይገባል። የጎኑ ጽሑፍ ግን ከጣሳው አይላቀቅም።