ጎፈሬን ከሐይቁና ከዛፉ ነጥሎ ማውጣት

ሐዋሳ ላይ የምረቃ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሐይቅ ዳር ነው የሚነሳው። ተመራቂዋ ጋዋኗን ለብሳ፣ ጸጉሯን ጎፈሬ አድርጋ ትቆማለች። በግራዋ ውሃና ሰማይ፣ በቀኟ ትልቅ ዛፍ፣ ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው አለ። ፎቶው ከደረሰ በኋላ ጥያቄው ይመጣል፦ «ጀርባው ይቀየርልኝ፣ ንጹሕ ግድግዳ ይሁን፣ በትልቁም ይታተም»። ፊቱና ጋዋኑ አያስቸግርም፤ በፔን ቱል ዳር ዳሩን ተከትሎ መቁረጥ ይበቃል። ጣጣው ጸጉሩ ነው። እንዲህ ያለውን አንድ ፎቶ በፎቶሾፕ የሠራሁበትን መንገድ ከነምክንያቱ አስቀምጣለሁ።

ዞማ ጸጉር ዳሩ መስመር ስለሆነ መቀሱ የት እንደሚያልፍ ይታወቃል። ከርዳዳና የጨፈረረ ጸጉር ግን እንዲህ ያለ ዳር የለውም። መሐሉ ጥቁር ነው፤ ወደ ውጭ ሲሄድ እየሳሳ፣ በጥቅልሎቹ መካከል ጀርባውን እያሳየ፣ መጨረሻ ላይ ነጠላ ክር ይሆናል። አብዛኛው ሰው Select and Mask ይከፍትና Refine Edge Brush ይዞ ጸጉሩን ዙሪያውን ይቀባል። በሰማዩ በኩል ደህና ነገር ይወጣል። በዛፉ በኩል ግን መሣሪያው የሚመለከተው የቀለምና የብርሃን ልዩነትን ስለሆነ፣ በቅጠሎች መካከል ያለውን ጥላ ጸጉር ነው ብሎ ያስቀረዋል፣ ብርሃን ያረፈበትን ጥቅልል ደግሞ ጀርባ ነው ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ጸጉሩን በአንድ ማስክ ለመጨረስ አልሞክርም። ከኋላው ባለው ነገር እከፋፍለዋለሁ፦ ሰማይ ያለበት፣ ብሩህ ቅጠል ያለበት፣ ጨለማ ጥላ ያለበት።

ከመቁረጡ በፊት፣ ተቆርጦ በወጣ ጸጉር ዳር የሚቀረው ነጭ ጥላ ምንጩ ይታወቅ። ዳር ላይ ያለ አንድ ፒክስል ከፊሉ ጸጉር፣ ከፊሉ ጀርባ ነው፦

```
C = a × F + (1 − a) × B
```

C የምናየው ፒክስል፣ F የጸጉሩ ብርሃን፣ B የጀርባው ብርሃን፣ a ደግሞ የጸጉሩ ድርሻ ነው። ብርሃን ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ ሲለካ፣ ጸጉሩ 30፣ ሰማዩ 220፣ የጸጉሩ ድርሻ 0.4 ቢሆን፣ ፒክስሉ 12 ሲደመር 132፣ ማለትም 144 ይሆናል። ማስኩ ፍጹም ትክክል ሆኖ 0.4 ቢል እንኳ፣ ይህ 144 ውስጡ ሰማይ ይዟል። ብርሃኑ 90 የሆነ ጠቆር ያለ ግድግዳ ላይ ስናስቀምጠው 112 ገደማ ይወጣል፤ ክሩ ከግድግዳው ይልቅ ይበራል ማለት ነው። መሆን የነበረበት 66 ነው። ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነጭ ጥላ ይኸው ነው፣ እናም ማስኩን ደጋግሞ በማጥራት አይጠፋም። ብርሃኑ 190 የሆነ ፈካ ያለ ግድግዳ ላይ ግን ያው ፒክስል 172 ገደማ ይሆናል። ክሩ ከሚገባው በላይ ቢፈዝም ከግድግዳው ስለማይበራ ዓይን አይወጋም። በዚህ ምክንያት ሰማይን ጀርባ አድርጎ ለተነሳ ጥቁር ጸጉር ፈካ ያለ አዲስ ጀርባ እመርጣለሁ። ለዚህኛው ፎቶ የመረጥኩት ክሬም ቀለም ያለው ግድግዳ ነው።

በሰማዩ በኩል ቀጫጭኖቹን ክሮች የሚያድናቸው ማስክ ሳይሆን Multiply ነው። የፎቶውን ቅጂ ከአዲሱ ጀርባ በላይ፣ ከተቆረጠችው ልጅ በታች አስገባለሁ፤ ቀለሙን በ Desaturate አጠፋለሁ፤ የሌየሩን ሞድ Multiply አደርጋለሁ። ቀጥሎ Levels ከፍቼ በነጩ መምጠጫ ከጸጉሩ አጠገብ ያለውን ሰማይ እነካለሁ። ሰማዩ 255 ሲሆን ከሥሩ ያለውን ምንም ስለማያጠቁር ከዓይን ይጠፋል፤ ክሮቹ ብቻ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ። ቅድም ባየነው ቁጥር፣ 144 የነበረው ወደ 167 ይወጣል፣ 190 ላይ ሲባዛ 124 ገደማ ይሰጣል። ትክክለኛው 126 ነበር። አንድም ክር በእጅ ሳይነካ ይህን ያህል መቅረብ ከሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ሁለት ነገር ግን መታየት አለበት። የሐዋሳ ሐይቅ ባዶ ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ከማዶ ያሉት ኮረብቶች በአንገትና በጆሮ አካባቢ ግራጫ መቀነት ሆነው ይቀራሉ። ይህን መቀነት በ Dodge Tool፣ ሬንጁን Highlights፣ ኤክስፖዠሩን 10% አድርጌ፣ ክሮቹን እያለፍኩ አነጣዋለሁ። Highlights ላይ ስለሆነ ጥቁሩን ክር እምብዛም አይነካውም። ሁለተኛው፣ መምጠጫውን በጣም ጠቆር ያለ ሰማይ ላይ መንካት የሳሱትን ክሮች አብሮ ያነጣቸዋል። ይህ ሲሆን ክሮቹ ጫፋቸው እንደተቆረጠ ሽቦ ድንገት ያልቃሉ። በተቃራኒው ነጩ ካልበቃ ጸጉሩ ዙሪያ ቀጭን ጭጋግ ይቀራል፤ ሌየሩን አብርቶ በማጥፋት ወዲያው ይለያል።

ከላይ ያለው ዋናው ሌየር፣ ፊቱንና የጸጉሩን ድፍን ክፍል የያዘው፣ በዚህ በኩል ማስኩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይበል። ክሮቹን የሚሸከመው የሥረኛው ሌየር ስለሆነ፣ ላይኛው እስከ ጫፍ መድረስ የለበትም። ማስኩን የምሠራው ከ Blue ቻናል ቅጂ ነው፤ ሰማይና ውሃ እዚያ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ይነጣሉ።

በዛፉ በኩል Blue አይረዳም፤ ቅጠል ሰማያዊ ብርሃን እምብዛም አይመልስምና እንደ ጸጉሩ ይጠቁራል። ቅጠልን ከጸጉር የሚለየው በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያለው ርቀት ነው። በዚህ ፎቶ ፀሐይ ያረፈበት ቅጠል አረንጓዴው 120፣ ሰማያዊው 40 አካባቢ ነበር፤ ልዩነቱ 80 ነው። ጸጉሩ ደግሞ 32 እና 30፤ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። Image > Calculations ከፍቼ፣ Source 1 ላይ Blue፣ Source 2 ላይ Green፣ ብሌንዲንጉን Subtract፣ Scale 1፣ Offset 0 አደርጋለሁ። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ሁለቱን ምንጮች ማለዋወጥ ነው። በ Levels የነጩን ግቤት ወደ 60 ሳወርደው ቅጠሉ ነጭ፣ ጸጉሩ ጥቁር ይሆናል።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል፣ ቃል በቃል ቀዳዳ። በቅጠሎች መካከል የሚታየው የሰማይ ነጠብጣብ አረንጓዴውም ሰማያዊውም እኩል ስለሆነ በመቀነሱ እንደ ጸጉር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለእሱ የ Green ቻናልን ሌላ ቅጂ ወስጄ የጥቁሩን ግቤት ወደ 90 እወስደዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የበራው ብቻ ይቀራል። ሁለቱን በ Calculations በ Lighten ሳዋሕዳቸው ቅጠሉም ቀዳዳውም ነጭ ይሆናሉ። Ctrl+I ተጭኖ መገልበጥ፣ ፊቱንና የጸጉሩን መሐል በነጭ መሙላት፣ ከዚያ ማስክ አድርጎ መጠቀም ነው። ግራጫ የቀረውን ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ለመግፋት መቸኮል አያስፈልግም፤ የጸጉሩ ልስላሴ ያለው ግራጫው ውስጥ ነው።

ይህ መንገድ በፋይሉ ጥራት ይወሰናል። ጄፔግ ብዙውን ጊዜ ቀለምን ከብርሃን ባነሰ ዝርዝር ስለሚያስቀምጥ፣ በቀለም ልዩነት የተሠራ ማስክ ዳሩ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ እንደ ፋይል እንዲላክ፣ ከተቻለም ሮው እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ክፍል፣ በቅጠሎቹ ውስጥ ያለው ጥቁር ጥላ፣ ከጸጉሩ በምንም ቻናል አይለይም። እዚያ ያለው መረጃ ስለሌለ ነው እንጂ መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ስለዚህ አልታገለውም። ላይኛውን ማስክ እርግጠኛ ጸጉር እስከሆነበት ድረስ ወደ ውስጥ እቀንሰውና ዳሩን ከደህናው ጎን እበደራለሁ። ቀደም ብሎ በተሠራው የ Multiply ሌየር ላይ ሰማዩ ነጭ ስለሆነ፣ ከእሱ በላሶ የወሰድኩት ቁራጭ ማስክ ሳያስፈልገው ግድግዳው ላይ ይቀመጣል።

ቁራጩን በግልባጭ ከማዞር ይልቅ በ Ctrl+T ይዤ፣ የመዞሪያውን ነጥብ ወደ ጭንቅላቷ መሐል አምጥቼ፣ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ አሽከረክረዋለሁ። ጎፈሬ ከመሐል ወደ ውጭ የሚበተን ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ክሮቹ በአዲሱ ቦታቸውም ወደ ውጭ እንዳዩ ይቀራሉ። አንድ ቁራጭ ጎን ለጎን ሁለቴ ከተቀመጠ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ ከሁለት ቦታ መውሰድና በ Warp ትንሽ ማጣመም ያስፈልጋል። በብሩሽ ክር መሳልም ይቻላል፤ ሆኖም ለከርዳዳ ጸጉር ቀጥ ያለ መስመር ሁልጊዜ ውሸት ስለሚመስል የምጠቀመው ለሁለት ለሦስት ክር ብቻ ነው።

በዛፉ በኩል የቀረው ጸጉሩ ላይ ያረፈው አረንጓዴ ነጸብራቅ ነው። ልጅቷ ላይ ክሊፕ የተደረገ Hue/Saturation ጨምሬ፣ Greens እና Yellows ላይ ሳቹሬሽኑን ወደ −70 አወርዳለሁ፤ ማስኩንም ጸጉሩ ላይ ብቻ እገድበዋለሁ፤ አለዚያ የቆዳው ሙቀት አብሮ ይሄዳል። Decontaminate Colors ይህንኑ በራሱ ይሞክራል፣ ግን መጠኑ ከፍ ሲል ጥቅልሎቹን ያድበለብላቸዋል።

ገና ያልተነሳ ፎቶ ከሆነ ሰዓቱ ብዙ ድካም ያስቀራል። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ፣ ጀርባን ለውሃው ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ መቆም ፀሐይን ከኋላ ያመጣል። የጸጉሩ ጫፍ ወርቃማ ሆኖ ያበራል፤ ያምራል፣ ነገር ግን የበራው ክር ከሰማዩ ጋር አንድ ስለሚሆን Multiply ጠርጎ ይጥለዋል። ጠዋት ብርሃኑ ከፊት ስለሚመጣ ጸጉሩ ጥቁር፣ ውሃው ብሩህ ሆኖ ይለያል።

ከማስረከብ በፊት ከአዲሱ ጀርባ በላይ፣ ከተቆረጠችው ልጅ በታች ነጭ፣ ጥቁርና መካከለኛ ግራጫ ሌየሮችን እያፈራረቅሁ ማስኩን በ100% አያለሁ። Multiply ሌየሩን ለዚህ ፍተሻ አጠፋዋለሁ፣ ጥቁር ላይ ምንም አያሳይምና። «ግድግዳው የግድ ጥቁር ይሁን» የሚል ደንበኛ ሲመጣም ምክንያቱ ያው ነው፤ ከሰማይ ፊት የተነሳ ጥቁር ጸጉር ጥቁር ግድግዳ ላይ ክሮቹን ይዞ አይሄድም። ወይ ዳሩ ተከርክሞ ጎፈሬው ይጠብባል፣ ወይ ጠቆር ያለ ነገር ፊት ቆማ እንደገና ትነሳለች። ይህን የምናገረው ቀብድ ከመቀበሌ በፊት ነው።